«ይህን የጻፈው እሱ ይመስላል»፦ የስድስት ገጽ ብሶት ወደ አንድ ገጽ ሪፖርት ሲወርድ

ማክሰኞ ማታ እኔ ከሥራ ስወጣ እሷ ለሌሊት ፈረቃ ስትገባ በሩ ላይ ተገናኘን። የተጣጠፈ ደብተር በእጄ አስጨበጠችኝና «ጋሼ፣ ይህን ያስተካክሉልኝና ለሥራ አስኪያጁ ልስጠው» ብላኝ ገባች። በሠራተኞች የቅሬታ ኮሚቴ ውስጥ ስለቆየሁ እንዲህ ያለ ወረቀት ሲመጣልኝ የመጀመሪያዬ አይደለም። ቀጥሎ ያለውን የምጽፈው በእሷ ፈቃድ ነው። ስሞችን፣ ወሩንና ድርጅቱን የሚያሳውቀውን ሁሉ አውጥቻለሁ።

ደብተሩ ስድስት ገጽ ሙሉ ነበር። የመጀመሪያው ገጽ በጥሩ እጅ ጽሑፍ የተጻፈ ነው፤ አራተኛው ላይ ፊደሎቹ ይተልቃሉ፤ አምስተኛው ላይ ብዕሩ ወረቀቱን በስቶታል። ታሪኩ የሚጀምረው ሥራ ከተቀጠረችበት ቀን ነው። ከዚያ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ፈረቃ ተቆጣጣሪው የቤት ጠባይ፣ ያልተሰጣት የዓመት ፈቃድ፣ እርግማን፣ ጸሎት። የባልደረባዋ እጅ በማሸጊያ ማሽን መቃጠሉን ያወቅሁት አራተኛው ገጽ መሀል ደርሼ ነው። ሥራ አስኪያጅ ደግሞ አራተኛው ገጽ ድረስ አይሄድም።

ብዕር ሳላነሣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በማግሥቱ ስንገናኝ የነገርኳት የመጀመሪያ ነገር ደብተሩን እንዳትቀድ ነበር። በላዩ ላይ የጻፈችበትን ቀን ጻፍን፣ ቅጂ አነሣንለት፣ ዋናውን መልሼ ሰጠኋት። በንዴት የተጻፈ ወረቀት ለአለቃ አይሰጥም እንጂ ከአደጋው በቀናት ውስጥ የተጻፈ የትዝታ መዝገብ ነው። ከሁለት ወር በኋላ «ያን ቀን ክዳኑ ክፍት ነበር ወይ?» ተብላ ብትጠየቅ ተመልሳ የምታየው እሱን እንጂ የተጣራውን ሪፖርት አይደለም።

ቀጥዬ «ይህን አንብቦ ምን እንዲያደርግልሽ ነው የምትፈልጊው?» አልኳት። ዝም አለች። «እንዲያውቅልኝ» አለች ቆይታ። ስድስቱ ገጽ የረዘሙት ለዚህ ነው፤ እንዲያውቅላት የሚፈልግ ሰው የሚተወው ነገር የለም። ጥያቄውን ደጋግሜ ሳገላብጠው ሦስት ነገር ወጣ፦ ማሽኑ እንዲጠገን፣ በአደጋ ቅጹ ላይ በባልደረባዋ ላይ የተጻፈው እንዲታረም፣ እሷ ድንገት ወደ ሌሊት ፈረቃ የተዛወረችበት ጉዳይ እንዲታይ። ለነዚህ ሦስት የማይጠቅመው ሁሉ ከወረቀቱ መውጣት ነበረበት። የተቆጣጣሪው የቤት ጠባይ በዚህ ወጣ። የዓመት ፈቃዱ ጉዳይ እውነት ቢሆንም ለብቻው የሚጠየቅ ነው ብለን አቆየነው።

ከዚያ ቅጂውን ከፊታችን ዘርግተን መስመር በመስመር ሦስት ዓይነት ምልክት አደረግንበት። በዓይኗ ያየችውን ወይም በጆሮዋ የሰማችውን በቀጥታ መስመር፤ ሌላ ሰው የነገራትን በሞገድ መስመር፤ የገመተችውንና የተሰማትን በክብ። ሥራው ራሷ እንድትሠራው ያስፈልጋል፤ ሌላ ሰው ሲያከብበው ያልታመነች ይመስላታል። ስንጨርስ ቀጥታ መስመር ያለበት ተሰብስቦ ከአንድ ገጽ ብዙም አልበለጠም። ቀሪው ክብ ነበር።

ጀማሪ አርታኢ እዚህ ላይ ክቦቹን ሰርዞ ይገላገላል። እኔም ሳልጠነቀቅ እንዲሁ አደረግሁ፤ ወደዚያ እመጣለሁ። ክብ ውስጥ ያለ ቃል ብዙ ጊዜ ባዶ አይደለም። ሰው የሚጮኸው ያየው ነገር ላይ ቆሞ ነው። ስለዚህ ከመሰረዝ በፊት እያንዳንዱን የቁጣ ቃል «ይህን እንድትይ ያደረገሽ ምን አየሽ?» እያልኩ መጠየቅ ያዝኩ።

ስለ ማሽኑ አደገኛነት ለተቆጣጣሪው «ሺህ ጊዜ ነግሬዋለሁ» ትላለች። ስንት ጊዜ? ሦስት። መቼ? የመጀመሪያውን ቀን አታስታውስም፤ ግን «ደመወዝ በገባ ማግሥት» እንደነበር እርግጠኛ ናት። የደመወዝ ወረቀቷን አየን፣ ሰኞ 4 ቀን ሆነ። ሁለተኛው በስልክ የላከችው አጭር መልእክት ነበርና ቀኑ እዚያው ላይ አለ፤ ቅዳሜ 9። ሦስተኛው አደጋው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ማክሰኞ 19፣ ሌላ ሠራተኛ ባለበት ነው። «ሺህ ጊዜ» የሚለውን ተቆጣጣሪው በአንድ ቃል ሊያስተባብል ይችላል። ቀንና ምስክር ያላቸውን ሦስቱን ግን አንድ በአንድ መመለስ አለበት።

«ሆን ብሎ ሊጨርሰን» የሚለው ደግሞ ከሁሉ አስቸጋሪው ነበር። ምን አየሽ? የማሽኑ መከላከያ ክዳን ሲከፈት ማሽኑን የሚያቆም ትንሽ ስዊች አለ። ያ ስዊች በፕላስተር ተጣብቆ ስለነበር ማሽኑ ክዳኑ የተዘጋ ይመስለዋል፤ ክፍት ሆኖም ይሠራል። ሥራ እንዲፈጥን በብዙ ቦታ የሚደረግ አጉል ብልሃት ነው። ማን አጣበቀው? «እሱ ነው እንጂ ማን ሊሆን!» ሲያጣብቅ አይተሻል? አላየችም። እንግዲያስ በሪፖርቱ ላይ «ፕላስተሩን ማን እንዳጣበቀው አላየሁም» ብለሽ ጻፊ አልኳት። ተቆጣች፤ ለእሱ ማምለጫ የሰጠሁት መሰላት። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ያላየውን አላየሁም ያለ ሰው አየሁ ያለው ይታመንለታል። አንዲት ያልተረጋገጠች ክስ ግን መላሹ እሷን ብቻ ይዞ ሌላውን ሁሉ እንዲያልፍ በር ትከፍትለታለች።

«ጨካኝ» በስድስቱ ገጽ አሥራ አንድ ጊዜ ተጽፏል። ከሥሩ ያገኘነው አንድ ነገር ነው፦ ባልደረባዋ እጇን ውኃ ውስጥ ይዛ ገና ክሊኒክ ሳትሄድ ተቆጣጣሪው ማሽኑን መልሶ አስነሣው። ስንት ደቂቃ እንደቆየ አታውቅም፤ ሰዓት አላየችም። ደቂቃ ከመገመት ቅደም ተከተሉን መጻፍ ይሻላል፤ «ወደ ክሊኒክ ከመሄዷ በፊት» ማለት በቂ ነው። ዐሥራ አንዱ «ጨካኝ» ወጥተው ይህ ዓረፍተ ነገር ገባ። አንባቢው ቃሉን ራሱ ይለዋል።

ስለ ቋንቋውም ሁለት ነገር ልናገር፤ አማርኛ ለንዴት የሚመቹ በሮች አሉት። አንዱ የማያልቀው ዓረፍተ ነገር ነው። ከሦስተኛው ገጽ አንድ ቁራጭ ይኸው፦

«ስነግረው እንዳልሰማ ሆኖ ስልኩን እያየ ቆይቶ እኔም ቆሜ ጠብቄ ጠብቄ ስመለስ ያችን ምስኪን አይቼ ልቤ ፈርቶ እመቤቴ ጠብቂያት ብዬ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ያው እንደፈራሁት ሆኖ እጇ ተቃጥሎ ጮኻ እሱ ግን ያ ጨካኝ ዞሮ እንኳን ሳያያት ማሽኑን አስነሥቶ…»

ሆኖ፣ ቆይቶ፣ ጠብቄ፣ አይቼ እያለ ይወርዳል እንጂ ማሠሪያ አንቀጽ የለውም። የተለያዩ ሁለት ቀኖች በአንድ ትንፋሽ ተጣብቀዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በየድርጊቱ «ስንት ቀን ነበር?» ብሎ ቀኑ በተለወጠበት ቦታ አራት ነጥብ ማስገባት። ሁለተኛው በር የአክብሮት አነጋገሩ ነው። አንደኛው ገጽ ላይ ተቆጣጣሪው «አሉኝ» ነበሩ፤ ሦስተኛው ላይ «አለኝ» ሆነ፤ አምስተኛው ላይ «አንተ ሰው፣ ልጅ የለህም?» ብላ ፊት ለፊት ታናግረዋለች። የንዴቱን ሙቀት ከግሡ ጅራት ማንበብ ይቻላል። በሪፖርቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ «አሉ» እንዲሆን ወሰንን። እሷ አልወደደችውም። ለማክበር አይደለም፣ ዓይን ከነገሩ ወደ ጠባዩ እንዳይዞር ነው ስላት ተቀበለች።

ሐሙስ ሌሊት ብቻዬን ተቀምጬ የመጀመሪያውን ንጹሕ ጽሑፍ አዘጋጀሁ። ግማሽ ገጽ፣ ልቅም ያለ፣ ኮርቼበት ነበር። በማግሥቱ ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ጋሼ፣ ይህን የጻፈው እሱ ይመስላል» አለችኝ።

እንደገና አነበብኩት። እውነቷን ነው። «በማሽኑ ላይ ጉድለት እንዳለ በተደጋጋሚ ተገልጿል። በ21 ቀን በአንዲት ሠራተኛ ላይ ጉዳት ደርሷል። ማሽኑ ወደ ሥራ ተመልሷል።» ተገልጿል፣ ደርሷል፣ ተመልሷል። ማን ገለጸ? ለማን? ማን መለሰው? ቁጣውን ሳወጣ ሰዎቹንም አብሬ አውጥቻቸዋለሁ። «በተደጋጋሚ» ደግሞ ያን ያህል የለፋንባቸውን ሦስት ቀኖች ዋጠ። ተደራጊ ግሥ የቢሮ ሰው ልማድ ነው፤ ለራሴ ረጋ ያልኩ መስሎኝ ድርጊቱን ባለቤት አልባ አድርጌው ነበር። እያንዳንዱን ግሥ መልሰን «ማን?» ብለን ጠየቅነውና ባለቤቱን ሰጠነው። አድራጊውን በማታውቅበት ቦታ ብቻ፣ ለምሳሌ ስዊቹ «ተጣብቆ ነበር» በሚለው ላይ፣ ተደራጊውን ተውነው። ቦታው እሱ ነው።

ይህን እየሠራን ሳለ ነው የከፋውን ስሕተቴን ያገኘሁት። አምስተኛው ገጽ ታች፣ ብዕሩ ወረቀቱን ከበሳው አጠገብ፣ «እኔ ነኝ ያቃጠልኳት» የሚል አለ። እኔ ሐዘን ነው ብዬ አልፌው፣ በክብ ውስጥ ትቼው ነበር። አሁን ጠየቅኋት፦ ለምን እንዲህ አልሽ? አለቀሰች። ውኃ ጠጣች፤ «ሌላ ቀን ይሁን» ብላትም መቀጠል ፈለገች። ባልደረባዋ ስትጮህ ቀዩን የአደጋ ማቆሚያ ቁልፍ ተጭናዋለች። ማሽኑ አልቆመም። ሁለተኛ ስትጫነው ቆመ። «በደንብ ስላልተጫንኩት ነው፤ እጄ ሲንቀጠቀጥ» ትላለች።

ያ ቁልፍ አንድ ጊዜ ሲመቱት ገብቶ እንዲቆለፍና ማሽኑን እንዲያቆም ነው የሚሠራው፤ እጅ የሚንቀጠቀጥበት ሰዓት እንደሚመጣ ታስቦ። አንድ ጊዜ ተጭነውት ካልቆመ መመርመር ያለበት ቁልፉ ነው እንጂ የተጫነው እጅ አይደለም። ከአደጋው ሁሉ ትልቁ መረጃ፣ ሌላው ቀርቶ ተቆጣጣሪውም የማያውቀው፣ በጥፋተኝነት ስሜቷ ሥር ተቀብሮ ነበር፤ እኔም እንደ ለቅሶ ቆጥሬ ልጥለው ምንም አልቀረኝም። በዚያው ሰዓት ሰዎች በዚያ ማሽን ላይ እየሠሩ ስለሆነ የሪፖርቱን ማለቅ ሳንጠብቅ ሄደን ለጥገና ክፍሉ ነገርነው።

የመጨረሻው ጽሑፍ ይህ ነው።

ለሥራ አስኪያጅ
ጉዳዩ፦ በ21 ቀን በማሸጊያ ማሽን ላይ ስለደረሰ የእጅ ቃጠሎና ስለ አደጋ ቅጹ

በማሸጊያ ክፍል የማሽን ኦፕሬተር ነኝ። ሐሙስ 21 ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ20 ገደማ አብራኝ የምትሠራው ባልደረባዬ የተጣመመ ካርቶን ለማውጣት እጇን ወደ ማሽኑ ስታስገባ የማሸጊያው ትኩስ ብረት ሁለት ጣቶቿን አቃጠላት። ሁለት ሜትር ያህል ርቄ ቆሜ አይቻለሁ።

የማሽኑ ክዳን ክፍት ነበር። ክዳኑ ሲከፈት ማሽኑን የሚያቆመው ስዊች በፕላስተር ተጣብቆ ስለነበር ማሽኑ መሥራቱን ቀጠለ። ፕላስተሩን ማን እንዳጣበቀው አላየሁም። መኖሩን መጀመሪያ ያየሁት ሰኞ 4 ቀን ነው።

ባልደረባዬ ስትጮህ ቀዩን የማቆሚያ ቁልፍ ተጫንኩ። ማሽኑ አልቆመም። ሁለተኛ ስጫነው ቆመ።

ስለ ስዊቹ ለፈረቃ ተቆጣጣሪው ሦስት ጊዜ ነግሬያለሁ፦ ሰኞ 4 ቀን በቃል፤ ቅዳሜ 9 ቀን በስልክ መልእክት (ቅጂው ተያይዟል)፤ ማክሰኞ 19 ቀን በቃል፣ አንድ ባልደረባ ባለበት። በሦስተኛው ጊዜ «ከፈራሽ ቤትሽ ተቀመጪ» አሉኝ።

ከአደጋው በኋላ ባልደረባዬ ወደ ክሊኒክ ከመሄዷ በፊት ተቆጣጣሪው ማሽኑን እንደገና አስነሡ። ክዳኑ ያኔም ክፍት ነበር።

ዓርብ 22 ቀን ተቆጣጣሪው የአደጋ ቅጹን በምስክርነት እንድፈርም ጠየቁኝ። በቅጹ ላይ ምክንያቱ «የሠራተኛዋ ጥንቃቄ ጉድለት» ይላል፤ ስለ ስዊቹ አይናገርም። ካየሁት ጋር ስለማይስማማ አልፈረምኩም። ከሰኞ 25 ቀን ጀምሮ ወደ ሌሊት ፈረቃ ተዛውሬያለሁ። ምክንያቱ አልተነገረኝም። ከአደጋው ወዲህ እንቅልፍ ስላጣሁ ቅዳሜ 23 ቀን ሐኪም ዘንድ ሄጃለሁ።

የምጠይቀው፦ ስዊቹና የማቆሚያ ቁልፉ ተመርምረው እስኪጠገኑ ማሽኑ እንዲቆም፤ ይህ ሪፖርት ከአደጋ ቅጹ ጋር ተያይዞ ምክንያቱ እንዲታረም፤ የፈረቃዬ ለውጥ ምክንያት በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ነው።

ስለ ፈረቃው አንቀጽ ጥቂት ተከራክረናል። እሷ «ስላልፈረምኩ ቀጣኝ» ብላ መጻፍ ፈለገች። ሊሆን ይችላል፤ እኔም የማምነው እሱን ነው። ግን የምታውቀው 22 ቀን አለመፈረሟንና 25 ቀን መዛወሯን ነው። ሁለቱን ቀኖች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠን «ምክንያቱን በጽሑፍ» ብለን ጠየቅን። ክስ ቢሆን ክደው ይመልሱታል፤ ለጥያቄ ግን የሆነ ነገር ጽፈው መፈረም አለባቸው። የእንቅልፏን ነገር ደግሞ ልታወጣው ነበር፣ «ድክመቴን ያዩብኛል» ብላ። አንድ መስመር ሆኖ፣ ቀን ይዞ፣ ሌላው ሁሉ ከተነገረ በኋላ እንዲገባ አደረግን። የደረሰባትን ጉዳት ጭራሽ ያልጠቀሰ ሪፖርት ነገ «ምንም አልሆነችም» ለማለት ያመቻል።

የጊዜ አቆጣጠሩንም በመጨረሻ አስተውለናል። የማሽኑ ስክሪን 10:20 ይላል፤ እሷ ያለችው 4 ሰዓት ከ20 ነው። አንድ ሰዓት ነው፤ ግን «ከጠዋቱ» የሚለው ባይኖር አንባቢ ሁለት የተለያየ ነገር አድርጎ ሊያየው ይችል ነበር።

ቅዳሜ 30 ቀን በሁለት ቅጂ አስገባች፤ የእሷ ቅጂ ላይ ተቀባዩ ፈርሞ ቀኑን ጻፈበት። ሰኞ ማሽኑ ቆመ። የጥገና ሰዎች ቁልፉን ፈትተው የውስጡ መገናኛ ተበልቶ አገኙት፤ ቀየሩት፣ ፕላስተሩንም አነሡ። ተቆጣጣሪው በጽሑፍ ሲመልስ የተከራከረው ሁለተኛውን ጊዜ ብቻ ነበር፤ «በ9 ቀን የደረሰኝ ነገር የለም» አለ። የመልእክቱ ቅጂ ተያይዞ ስለነበር ነገሩ እዚያው ቆመ። የአደጋ ቅጹ ከሦስት ሳምንት በኋላ ታርሞ «የመከላከያ ስዊቹ ከሥራ ውጪ መሆን» የሚል ተጨመረበት፤ «የጥንቃቄ ጉድለት» የሚለውን ግን አላወጡትም።

ስለ ፈረቃው የመጣው ደብዳቤ አንድ መስመር ነው፤ «ለሥራው ፍላጎት ሲባል» ይላል፤ ተፈርሞበታል። እሷ እስካሁን በሌሊት ትገባለች። ደብዳቤውን ከደብተሩ ጋር አስቀምጣዋለች፤ አሁን ስለ ዓመት ፈቃዱ ሁለተኛውን ወረቀት ጀምረናል፣ ይህኛው መጀመሪያውኑ የመጣው በሁለት ገጽ ነው።